ምዕራፍ ሰባት፦ ደንበኛዋን ቀድሞ የሚያገኛት ማን ነው?

ማስታወቂያ መለዋወጥ ሲባል አብዛኛው ነጋዴ የሚያስበው እንዲህ ነው፤ «አንቺ የእኔን በቻናልሽ ለጥፊልኝ፣ እኔም ያንቺን እለጥፍልሻለሁ።» ሁለቱም በአንድ ቀን ይለጥፋሉ፤ የተወሰነ ሰው አይቶ ያልፋል፤ የሚገዛ ግን አይመጣም፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጽሑፉም የፎቶውም አይደለም፤ የቀኑ ነው። ሁለት ሱቆች ደንበኛ ቢጋሩም ደንበኛዋ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትፈልጋቸውም።

ይህን በግልጽ የሚያሳይ አንድ ጥንድ እንውሰድ። አንዷ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የምታሠራ ባለ ሱቅ ናት እንበል፤ ሌላዋ ሙሽሮችንና ሚዜዎችን የምታስውብ የጸጉር ቤት ባለቤት። ሁለቱም የሚሸጡት ለአንድ ድግስ ነው፤ አንዷ የሌላዋን ገበያ አትሻማም። ሁለቱም የቴሌግራም ቻናል አላቸው። ለልውውጥ ተስማሚ ናቸው ማለት ነው፤ የሚቀረው መቼ የሚለው ነው።

ከድግሱ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

የጥር ሠርግ እንያዝ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ በገና ስለሚፈታ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ነው። ቀሚስ ግን በጥር ታዞ ለጥር አይደርስም። ሸማኔው ጨርቁን እስኪያወጣ፣ ጥልፉ እስኪጠለፍ፣ ልኬቱ ታይቶ እስኪስተካከል ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የጥር ሙሽራ ስለ ቀሚስ የምታስበው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው። ስለ ጸጉሯ የምታስበው ግን ቀሚሷን ካወቀች በኋላ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው።

እንግዲህ ደንበኛዋን ቀድማ የምታገኛት ቀሚስ ሻጯ ናት። በእሷ ቻናል ላይ የሚወጣው የጸጉር ቤቱ ማስታወቂያ በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ቢሆን ልክ በሰዓቱ ይደርሳል። በጸጉር ቤቱ ቻናል ላይ የሚወጣው የቀሚስ ማስታወቂያ ደግሞ ከኅዳር መጀመሪያ ማለፍ የለበትም። በመካከላቸው ሁለት ወር ገደማ አለ። ሁለቱም ፖስት በጥር መጀመሪያ ቢወጣ ጸጉር ቤቷ ደንበኛ ታገኛለች፤ ቀሚስ ሻጯ ግን «ለእሁድ ይደርሳል?» የሚል ጥያቄ ብቻ ትሰበስባለች። በሁለተኛው ዓመት የመለዋወጥ ፍላጎቷ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በሠርግ ወቅት የጸጉር ቤቱ ቅዳሜና እሁድ አስቀድሞ ሊያዝ ይችላል። የሞላ ቀን ማስተዋወቅ ሰውን ጠርቶ በር ላይ መመለስ ነው። ክፍት ያለው ለመልስ ወይም በሥራ ቀን ለሚደረግ የሙከራ አሠራር ከሆነ፣ ማስታወቂያውም ስለዚያ ይሁን።

አባል ሳይሆን ተመልካች ይቆጠር

ቀሚስ ሻጯ ስድስት ሺህ አባል፣ ጸጉር ቤቷ ሁለት ሺህ አባል አላቸው እንበል። የመጀመሪያዋ «የእኔ ሦስት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ፖስት ታውጪልኛለሽ» ልትል ትችላለች። ከመስማማታቸው በፊት ግን እያንዳንዳቸው የመጨረሻዎቹን አሥር ፖስቶች ይክፈቱ። ቴሌግራም በእያንዳንዱ ፖስት ግርጌ ስንት ጊዜ እንደታየ ያሳያል። ቢያንስ ሁለት ቀን የሞላቸውን ብቻ ወስደው ይደምሩና ለብዛታቸው ያካፍሉ። የቀሚሱ ቻናል በአማካይ 700፣ የጸጉር ቤቱ 600 ከወጣ፣ ሁለቱ እኩል ናቸው ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ አንድ ለአንድ ይለዋወጡ። አባል ብዙ ሆኖ ተመልካች ጥቂት የሚሆነው፣ ሰዎች ቻናሉን ድምፅ አጥፍተው ሲተዉት ወይም አባላቱ በሽልማት ተሰብስበው ሲሆን ነው።

ጽሑፉ በባለቤቷ አንደበት

የሌላውን ሱቅ ፖስተር እንዳለ መለጠፍ አይሠራም። ተመልካቿ የምታውቀው የጸጉር ቤቷን አነጋገር ነው፤ ድንገት የማታውቀው ሱቅ ስልክ ቁጥርና አርማ ሲመጣባት ወደ ላይ ገፍታው ታልፋለች። ስለዚህ ጸጉር ቤቷ የምትጽፈው ከራሷ ሙያ ተነሥታ ይሁን፦

«በጥር ለምታገቡ እህቶቼ፦ አንገቱ ላይ ጥለት የበዛበት ቀሚስ ከመረጣችሁ ጸጉራችሁ ወደ ላይ ቢያዝ ጥለቱ ይታያል። አንገቱ ክፍት ከሆነ ደግሞ ልቅ ቢተው ያምራል። ይህ በፎቶው ያለው ቀሚስ የተሠራው ሽሮ ሜዳ ባለችው ወዳጄ ሱቅ ነው። ዋጋው ከነነጠላው ተጽፏል። ለጥር የምትፈልጉ እስከ ኅዳር 15 እዘዙ።»

እዚህ ላይ ሦስት ነገር አለ፦ ባትገዛም የሚጠቅማት ምክር፣ የተጻፈ ዋጋ፣ የመጨረሻ ቀን። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ መተው በራስ ቻናል ላይ ልማድ ሊሆን ይችላል፤ በሰው ቻናል ላይ ግን የማታውቃችሁ ሴት ጠይቃ የምትጠብቅበት ምክንያት የላትም። የሙሽራ ፎቶ ካለበት ደግሞ ፈቃዷ የተጠየቀው ለአንድ ቻናል ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሁለተኛው እንደገና ይጠየቅ፤ ሠርጉም ያለፈ ይሁን።

ውጤቱን ለይቶ ማወቅ

ፖስቱ ሲወጣ ሰው መጨመሩ ብቻ ከየት እንደመጣ አይነግርም። በቻናሉ ማስተካከያ ውስጥ Invite Links የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ለዚህ ልውውጥ ብቻ የሚያገለግል አዲስ ሊንክ ከፍታችሁ «ጸጉር ቤት ኅዳር» ብላችሁ ሰይሙት። በዚያ ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ይቆጥርላችኋል። የማይቆጥረው ግን አባል ሳይሆን በቀጥታ የሚደውለውን ነው፤ ለዚህ ስልክ የሚያነሣው ሰው «የት አዩን?» ብሎ ጠይቆ ደብተር ላይ ይጻፍ።

ለምሳሌ ከኅዳሩ ፖስት 40 ሰው ገባ፣ 9 ጠየቀ፣ 2 ቀሚስ ታዘዘ እንበል። ከታኅሣሡ ፖስት 20 ገባ፣ 14 ጠየቀ፣ 6 ቀጠሮ ተያዘ። በቁጥር ጸጉር ቤቷ የተጠቀመች ትመስላለች። ከአንድ ቀሚስ ግን ለሸማኔውና ለጠላፊው ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው፣ ከአንድ የጸጉር ቀጠሮ ከሚተርፈው ስንት እጥፍ እንደሆነ የምታውቀው ባለ ሱቋ ናት። እያንዳንዷ የራሷን ትርፍ አስልታ ልውውጡ እንዳዋጣት ትወስን፤ የሁለቱ ውጤት እኩል መሆን የለበትም።

ቁጥሮቹ ችግሩ የት እንዳለም ይጠቁማሉ። ብዙ ታይቶ የገባ ከሌለ፣ ጽሑፉ ለዚያ ቻናል ሰው አልተጻፈም። ገብተው የጠየቁ ከሌሉ፣ ቻናላችሁን ሲከፍቱ በፖስቱ ያዩትን ዕቃ አላገኙትም፤ ከልውውጡ በፊት በነበረው ምሽት ያንኑ ቀሚስ ከላይ ሰክታችሁ ማስቀመጥ ነበረባችሁ። ጠይቀው ያላዘዙ ከሆነ ደግሞ መልሱ ዘግይቷል ወይም ቀኑ አልፏል።

የዚህ ምዕራፍ ሥራ

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ዋና ወቅታችሁን በመጨረሻው መስመር ጻፉ። ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ደንበኛችሁ እናንተን የምትፈልግበትን ሳምንት አስፍሩ፤ ልትለዋወጡ ያሰባችሁት ሰውም በዚያው ወረቀት የራሱን ያስፍር። ሁለቱ ሳምንታት ከተለያዩ፣ ሁለት የመለጠፊያ ቀን፣ ቅናሽ ካለ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ጥያቄ የሚመልሰውን ሰው ስም ጨምራችሁ ፎቶ አንሡትና ሁለታችሁም ያዙት። የእናንተ ሳምንት ኋላ የሚመጣ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ለጥፋችሁ ውለታ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ የመመለሻው ቀን ከመለጠፋችሁ በፊት ይጻፍ።