የበግ ዋጋ በሜትር

ጥያቄ፦ ዲላ ለፋሲካ በግ ስገዛ ሚዛን የለም፤ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ነው የምንከራከረው። ተገቢውን ዋጋ በምን ልገምት?

መልስ፦ የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፤ ጸጉሩ እንዳያሳስትዎ ሜትሩን ጠበቅ ያድርጉት። ቀጥሎ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ርዝመቱን ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ፣ ከዚያም በርዝመቱ ያባዙና ለ10,840 ያካፍሉ። ደረቱ 72፣ ርዝመቱ 62 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ግምት ነውና ሁለት ሦስት ኪሎ ሊሳሳት ይችላል።

ሆዱ አያታልልዎ፤ ጨው አልሰው ውኃ የሚያጠጡ አሉ። ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ወገቡን በጣት ይጫኑ። አጥንቱ ከቆረቆረዎ ከሲታ ነው፤ ከክብደቱ 38 በመቶ ያህሉ ብቻ ሥጋ ከነአጥንቱ ይወጣዋል። ለስለስ ካለ 42፣ አጥንቱ በጭንቅ ከተገኘ 45 በመቶ ይያዙ።

የእኛ በግ መካከለኛ ቢሆን 12.5 ኪሎ ግድም ይወጣዋል። ሥጋ ቤት ኪሎው 900 ብር ነው እንበል፤ 11,250 ብር ይመጣል። ጭንቅላቱና የሆድ ዕቃው የአራጁን ዋጋ ይችላሉ። እኔ ብሆን ከ9,000 ጀምሬ እከራከራለሁ።