ማርጂን ኮል፦ ቡናው መጋዘን እያለ ሻጩ እንዴት ይከስራል?

«የቡና ዋጋ እየጨመረ ቡና ያለው ሰው እንዴት ይከስራል?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ዛሬ በቁጥር እንየው።

ሾላ ገበያ ላይ እህል የነገደ ሰው ቀብድ ያውቃል። 100 ኩንታል ጤፍ ትዋዋላለህ፣ ጥቂት ትከፍላለህ፣ ቀሪውን ስትረከብ ትሰጣለህ። በመሃል ዋጋው ቢንቀሳቀስ ማንም ደውሎ «ቀብድ ጨምር» አይልህም። የኒውዮርክ ፊውቸር ገበያ ግን ሂሳብህን በየቀኑ ይዘጋል፣ ከጎደለም ይጠራሃል። ማርጂን ኮል ማለት ይሄው ነው።

አንድ ሎት አረቢካ 37,500 ፓውንድ ነው፤ ወደ 17 ቶን ማለት ነው። አንድ ላኪ ይህን ያህል ቡና መጋዘን አለው እንበል። ዋጋ እንዳይወርድበት ፈርቶ አንድ ሎት ፊውቸር በፓውንድ 3 ዶላር ሸጠ። የሎቱ ዋጋ 112,500 ዶላር ነው። እሱ ግን የሚያስይዘው ለምሳሌ 10,000 ዶላር ብቻ ነው። በ1 ዶላር ከ11 ዶላር በላይ ያንቀሳቅሳል፤ ሌቨሬጅ የሚባለው ይህ ነው። ሂሳቡ ከ9,000 በታች ከወረደ ጥሪ ይመጣል እንበል።

ዋጋው በ1 ሳንቲም ሲጨምር ሻጩ 375 ዶላር ያጣል። 10 ሳንቲም ጨመረ፦ 3,750 ሄደ፣ ሂሳቡ 6,250 ቀረ። ተጠራ፣ 3,750 ሞላ። ሌላ 20 ሳንቲም ጨመረ፦ እንደገና 7,500። ዋጋው 10 በመቶ ሲያድግ እሱ 11,250 ዶላር ጥሬ ገንዘብ አወጣ፤ ካስያዘው በላይ ነው።

መጋዘን ያለው ቡናም በዚያው ልክ ተወዷል፤ በወረቀት ሲታይ አልከሰረም። ግን ቡናው እስኪሸጥ ገንዘብ አይሆንም፣ ጥሪው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ካልከፈለ ደላላው ፊውቸሩን በገበያው ዋጋ ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ቢወርድ፣ ሁለቱንም ከሰረ፦ ገንዘቡም ሄደ፣ ቡናውም ረከሰ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኒውዮርክ የ1977ቱን ሪከርድ ሰብሮ በየካቲት 2025 ከ4 ዶላር አለፈ። ከ3 እስከ 4 ዶላር ሳይዘጋ የቆየ ሻጭ ለአንድ ሎት 37,500 ዶላር መሙላት ነበረበት። ገበያው ሲናወጥ ደግሞ ማስያዣው ራሱ ይጨመራል።

እኛ ጋ፣ ምርት ገበያ ላይ፣ ገዢ ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ስለሚያስገባ ይህ ጥሪ የለም። ውጭ ገበያ ለመግባት የምታስቡ ግን መጀመሪያ ይቺን አስሉ፦ ለመሙያ ያላችሁን ገንዘብ ለ375 እና ለሎቱ ብዛት አካፍሉ። 20,000 ዶላር ያለው ሰው በ1 ሎት 53 ሳንቲም ይችላል። በ5 ሎት ግን ከ11 ሳንቲም በታች ነው። 11 ሳንቲም ደግሞ አንዳንዴ የአንድ ቀን እንቅስቃሴ ነው።