የተፈጨ ሥጋ ሲጠበስ ስለ ምን ግራጫ ይሆናል? የሙቀትና የውሃ ሒሳብ

ለፓስታ ስጎ የታሰበ የተፈጨ ሥጋ በጋለ መጥበሻ ላይ ሲጨመር መጀመሪያ ቸስ የሚል ድምፅ ያሰማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ወደ መንተክተክ ይለወጣል፤ ከሥጋው ሥር ውሃ ያቁራል፤ ሥጋውም ሳይጠበስ ይቀቀላል። ለዚህ የእሳቱ ማነስ ተጠያቂ ቢደረግም፣ በአብዛኛው ዋናው ምክንያት በአንድ ጊዜ የሚጨመረው ሥጋ መብዛት ነው።

ግራጫውና ቡናማው ቀለም የተለያየ ምንጭ አላቸው። ግራጫው የሚመጣው ሥጋን የሚያቀላው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ ተፈጥሯዊ ቅርጹን ሲያጣ ነው። ቡናማው ቀለምና የጥብስ መዓዛው ግን አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች ሲዋሐዱ የሚገኙ ናቸው፤ ይህን አፀግብሮት ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። አፀግብሮቱ በጥብስ ጊዜ የሚፋጠነው በ140 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ነው። የሥጋው ገጽ በውሃ እንደተሸፈነ ከውሃው መፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም፤ ይህም በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት መጥበሻ ከ220 ወደ 100 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት 108 ኪሎጁል ገደማ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከ5 ወደ 65 ዲግሪ ማድረስ ብቻውን 100 ኪሎጁል ያህል ይፈጃል። መጥበሻው ያጠራቀመው ሙቀት እዚሁ አለቀ ማለት ነው። ከሥጋው 100 ግራም ውሃ ቢወጣ፣ እሱን ለማትነን ሌላ 226 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ለመጥበሻው 1,000 ዋት የሚያደርስ ምድጃ ይህን ለመሸፈን አራት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ሥጋው በዚያ ሁሉ ጊዜ በገዛ ውሃው ይንተከተካል። መፈጨቱም ነገሩን ያብሳል፤ ሕዋሳቱ ስለተቆራረጡ ውሃው በቀላሉ ይወጣል፣ የተከመረው ሥጋም እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል።

ስለዚህ መጥበሻው አስቀድሞ በሚገባ ይጋል፤ ጥቂት ዘይት ይጨመርበት፤ ግማሽ ኪሎው በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይከፈል። እያንዳንዱ ድርሻ እንደ ቂጣ ሳስቶ ከተዘረጋ በኋላ ሥሩ ቡናማ እስኪሆን ሳይነካ ይቆይ፤ የሚበተነው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሎ ቶሎ ማማሰል ገና ያልሞቀውን ሥጋ ደጋግሞ ወደ ብረቱ ስለሚያመጣ መጥበሻውን ያቀዘቅዘዋል። ጆሮ እዚህ ላይ ከዓይን ይቀድማል፤ ድምፁ ወደ መንተክተክ ካዘነበለ ሥጋውን አውጥቶ ውሃውን ብቻውን ማትነን ይሻላል። ሥጋውን እዚያው ይዞ ውሃው እስኪደርቅ መጠበቅም በመጨረሻ ቡናማ ቀለም ይሰጣል፤ ግን ሥጋው ይጠጥራል።

በምንቸት አብሽ ግን ግራጫው እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ሥጋው የሚገባው በቁሌቱ ውስጥ በመሆኑ ጣዕሙን የሚሸከሙት ሽንኩርቱና በርበሬው ናቸው። በሌላ በኩል የገጹ ቡናማነት የውስጡን መብሰል አያረጋግጥም፤ ለተፈጨ የበሬ ሥጋ የሚመከረው የውስጥ ሙቀት 71 ዲግሪ ሲሆን የሚታወቀውም በቴርሞሜትር ነው።