ለሰሊጥ አጨዳ ስንት ሠራተኛ ያስፈልግዎታል? ካለፉት ዓመታት መዝገብ ማስላት

ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ አይጠብቅም። የታችኛው ቅጠል ረግፎ የታችኛው ቆባ ቢጫ መሆን ሲጀምር ካልታጨደ፣ ቆባው ተከፍቶ ዘሩ ማሳው ላይ ይፈሳል። በመተማና በሁመራ ደግሞ ሁሉም ሠራተኛ የሚፈልገው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ ቁጥሩን አጨዳው ሲደርስ ማሰብ ለመጀመር ጊዜው አልፏል።

ሥራውን በ“ሰው ቀን” ይለኩ። አሥር ሰው ለሦስት ቀን ቢያጭድ 30 የሰው ቀን ነው። ብዙዎቻችን የምንመዘግበው የከፈልነውን ብር ብቻ ነው። የቀን ዋጋ ግን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከብሩ ተነስቶ የሰው ብዛት ማወቅ ያስቸግራል። በኮንትራት ያሳጨዱ እንደሆነም በየቀኑ ማሳው ላይ ስንት ሰው እንደነበረ ይጻፉ።

ለምሳሌ ስምንት ሄክታር ያለው አርሶ አደር መዝገቡ በ2015 ዓ.ም. 96፣ በ2016 ዓ.ም. 120 የሰው ቀን ያሳያል እንበል። ለሄክታር ሲካፈል 12 እና 15 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ሰሊጡ ጥቅጥቅ ያለና አረም የበዛበት በመሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አማካይ ከማድረግ ይልቅ የዘንድሮው ማሳ የትኛውን ዓመት እንደሚመስል በነሐሴ መጨረሻ ዞረው ይዩ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ባለፈው ዓመት ሠራተኛ አጥሮዎት የተወሰነ ሰሊጥ ሳይታጨድ ከረገፈ፣ መዝገቡ የሚያሳየው ያገኙትን እንጂ ያስፈለግዎትን አይደለም። በተዘራው ሄክታር ሳይሆን በታጨደው ሄክታር ያካፍሉ።

አርሶ አደሩ ዘንድሮ አሥር ሄክታር ዘርቷል፤ ማሳውም 2016ን ይመስላል። 15 በ10 ሲባዛ 150 የሰው ቀን ነው። ካለፈው መዝገቡ፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መርገፍ ያለው ጊዜ ስምንት ቀን ነው። በዚህ ውስጥ አንዱ እሁድ ነው፤ አንድ ቀንም ለዝናብ ይተውለት። የሥራ ቀን ስድስት ስለሆነ 150 ለ6 ሲካፈል 25 ሠራተኛ ያስፈልገዋል። 150ን ለስምንት አካፍሎ 19 ሰው ቢቀጥር ኖሮ በስድስቱ ቀን 114 የሰው ቀን ብቻ ይሠራ ነበር። የቀረው 36 ማለት ሁለት ሄክታር ተኩል ገደማ ቆሞ ይረግፋል ማለት ነው።

ከአሥሩ አንድ ሠራተኛ ታሞ ወይም ሌላ ማሳ የተሻለ ዋጋ አግኝቶ የሚሄድ ከሆነ 28 ሰው ማነጋገር ይሻላል። ይህንንም ቢሆን ከራስዎ መዝገብ ይውሰዱ፤ የጎረቤት ማሳ ሌላ ነው።

ማሳውን በአሥር ቀን ልዩነት ከፍለው የዘሩ፣ ለምሳሌ ስድስት ሄክታር ቀድሞ አራቱ ዘግይቶ ከሆነ፣ መጀመሪያ 90 የሰው ቀን፣ ማለትም 15 ሰው ይበቃል፤ እነዚያው ሠራተኞች ወደ ሁለተኛው ማሳ ይሻገራሉ። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ላይ የሚደርሱበት ዓመት አለ። ስለዚህ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ሁለቱንም ማሳ ይመልከቱና ቆባው እኩል እየደረሰ ከሆነ ወደ 25ቱ ይመለሱ።