መናገር ሌላ፣ መጻፍ ሌላ፤ በተባበሩት መንግሥታት የሥራ ማመልከቻ ላይ አማርኛችንን እንዴት እንሙላ?

በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለመሥራት የሚፈልጉ ነርሶች፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችና ሌሎች ባለሙያዎች በማኅበረሰባችን ውስጥ አሉ። ብዙዎቻችን ማመልከቻውን ስንሞላ የምንቸገረው በቋንቋ ክፍሉ ላይ ነው። አማርኛ በቤት ውስጥ እንናገራለን፤ ፊደሉን ግን ብዙዎቻችን በደንብ አናነብም። ታዲያ «አማርኛ እችላለሁ» ብለን እንጻፍ ወይስ እንተወው?

መልሱ ያለው በማስታወቂያው ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ቋንቋን በአራት ይከፍለዋል፦ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍና ሰምቶ መረዳት። አመልካቹ Inspira በተባለው የማመልከቻ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ደረጃ ይሰጣል። በአንዱ መለኪያ Basic መሠረታዊ ችሎታ ነው፤ Confident ደህና አድርጎ መግባባት ነው፤ Fluent ደግሞ ማቀላጠፍ ነው።

በዚህ መለኪያ በወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ሁለት ቃላት ይገኛሉ። Fluency ከተባለ በአራቱም ክፍሎች Fluent መሆን ይጠየቃል። Knowledge of ከተባለ ግን ከአራቱ በሁለቱ Confident መሆን ይበቃል። ይህ ልዩነት ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ነርስ በልጅነቷ ወደ እስራኤል መጥታ እዚሁ ተምራለች፤ የምትሠራውም በቁፓት ሆሊም ነው እንበል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚገኝ የጤና ሥራ የወጣው ማስታወቂያ ለእንግሊዝኛ Fluency ግዴታ ነው ይላል፤ የአማርኛ Knowledge ደግሞ ተመራጭ ያደርጋል ይላል።

በአማርኛ እንጀምር። ይህች ነርስ ለአንዲት አዛውንት እናት ኢንሱሊን መቼና እንዴት እንደሚወጋ ያለ አስተርጓሚ ታስረዳለች። እናቲቱ «እግሬን ያቃጥለኛል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል» ሲሏት በትክክል ተረድታ ተገቢውን ጥያቄ ትጠይቃለች። ስለዚህ በመናገርና በመረዳት Confident ብላ መሙላት ትችላለች። ፊደል እየቆጠረች ስለምታነብ ለማንበብ Basic፣ ለመጻፍም Basic ትሞላለች። ሁለቱ ክፍሎች ስላሟሉላት የ Knowledge መስፈርቱን አልፋለች። ማንበብ ስለማትችል ብላ አማርኛን ብትተወው ኖሮ ያላትን ብልጫ በከንቱ ታጣው ነበር።

የአያቷን ትግርኛ ብትሰማም የምትመልሰው በአማርኛ ከሆነ ግን ትግርኛ የሚሞላላት አንድ ክፍል ብቻ ነው። ለብቻው መዝግባው፣ መረዳት Confident፣ መናገር Basic ትላለች፤ መስፈርቱን ግን አታሟላም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛ። የሕክምና ጽሑፍ ያለ ችግር ታነባለች፣ ታዳምጣለች፣ ትናገራለች። የምትጽፈው ግን ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከአራቱ አንዱ ብቻ ከጎደለ Fluency አይሟላም። ራስን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ስለ አንድ በሽተኛ ሁኔታ፣ ስለተደረገለት ሕክምናና ስለሚቀረው ክትትል አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ፣ ያለ መዝገበ ቃላትና ያለ ትርጉም መሣሪያ፣ በግማሽ ሰዓት እንጻፍ። ከዚያ በሽተኛውን የማያውቅ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ባልደረባ ያንብበው። ምን መደረግ እንዳለበት ሳይጠይቀን ከገባው ጽሑፉ ሥራውን ሠርቷል። «ይህ መድኃኒት ተሰጥቷል ወይስ ሊሰጥ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ግን መጻፋችን ገና Fluent አልደረሰም። ማመልከቻውን ከመላክ በፊት መሥራት ያለብን በጽሕፈቱ ላይ ነው።

ደረጃን ከፍ አድርጎ መሙላት አያዋጣም። ለብዙ ሥራዎች የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ስላለ ጉድለቱ እዚያ ይታያል። ከዚህም በላይ አመልካቹ የሞላው ሁሉ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሐሰት ከተገኘ ከተቀጠረ በኋላ እንኳ ከሥራ ሊያሰናብት ይችላል።

ደረጃው ብቻውን ደረቅ ምልክት ነው። ስለዚህ በሥራ ልምድ ክፍሉ ላይ ቋንቋውን ምን እንደሠራንበት እንግለጽ። «አማርኛ ተናጋሪ ነኝ» ከማለት ይልቅ፣ የስኳር በሽተኞችን በአማርኛ ጠይቀን፣ የመድኃኒት አወሳሰድ አስረድተን፣ ጉብኝቱን በዕብራይስጥ እንደመዘገብን ብንጽፍ አንባቢው የትኛውን ቋንቋ በአፍ፣ የትኛውን በጽሑፍ እንደምንጠቀም ወዲያው ያያል።

ሁሉም ማስታወቂያ አንድ ዓይነት መለኪያ የለውም። አንዳንድ ማስታወቂያ ለእያንዳንዱ ክፍል ከ UN Level I እስከ UN Level IV ያለ ደረጃ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው መሠረታዊ፣ የመጨረሻው የሊቅ ደረጃ ነው። ስለዚህ ከመሙላታችን በፊት የዚያኑ ማስታወቂያ የቋንቋ አንቀጽ እናንብብ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ክፍያ አይጠይቅም። «የቋንቋ ክፍሉን አስተካክዬ አስገባችኋለሁ» ብሎ ለማመልከቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመን አንክፈለው።