ከሲንክ በኋላ ኖታችሁ ቢጠፋ፦ አፑን ከማጥፋታችሁ በፊት

በዚህ እትም የምንመለከተው ብዙዎቻችን የደርስ ማስታወሻና የመመረቂያ ጽሑፍ የምንይዝበትን ጆፕሊን የተባለውን ነፃ የኖት አፕ ነው። አንድ ኖት ሲሰወር አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን የተለመደ ነው። ስልክ ላይ ከሆነ ግን የጠፋውን ጽሑፍ ለዘለዓለም የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው እርምጃ ነው።

መጀመሪያ የጠፋው ምን እንደሆነ ለዩ። እንደገና ከጫናችሁ በኋላ አፑ ሙሉ በሙሉ ባዶ ከሆነ ብዙ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። ወይ ሲንኩ ገና አልተጀመረም፣ ወይ የገባችሁት በሌላ አካውንት ነው። በፊት በነበረው የድሮፕቦክስ አካውንት ስትገቡ ኖቶቹ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ። ሌሎቹ ኖቶች ሁሉ በቦታቸው ኖረው አንዱ ብቻ ወደ አሮጌ ይዘቱ ከተመለሰ ወይም ትናንት የጻፋችሁት ከውስጡ ከጠፋ ግን ግጭት ደርሷል ማለት ነው።

ግጭት የሚፈጠረው አንድን ኖት በሁለት መሣሪያ ላይ፣ በመሃል ሲንክ ሳይደረግ ስንቀይረው ነው። እኛ አገር ይህ የሚሆንበት አጋጣሚ አይታጣም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ስልክና ላፕቶፕ ለየብቻቸው ቆይተዋል። ያን ያህል ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ የዳታ ጥቅል ያለቀበት ተማሪ በየወሩ የራሱ መቋረጥ አለው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኮልፌ ቀራኒዮ 18 ማዞሪያ አካባቢ የምትኖር አንዲት እህት ለመመረቂያ ጽሑፏ ከሰፈሩ ነጋዴዎች ጋር ቃለ መጠይቅ ታደርጋለች እንበል። «ምዕራፍ 3» የሚል አንድ ኖት አላት። ዘጠኝ ቀን ያለ ዳታ እየዞረች የነጋዴዎቹን መልስ በስልኳ እዚያው ኖት ውስጥ ትጽፋለች። ማታ ማታ ደግሞ በላፕቶፕ የዚያኑ ኖት መግቢያ ታስተካክላለች። በአሥረኛው ቀን ግቢ ገብታ ላፕቶፑን ከዋይፋይ ጋር ስታገናኝ የላፕቶፑ ቅጂ ወደ ድሮፕቦክስ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ስልኩም ይገናኛል። ስልኩን ስትከፍት «ምዕራፍ 3» የተስተካከለ መግቢያ አለው፤ የዘጠኝ ቀን ቃለ መጠይቅ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም።

የሆነው ይህ ነው። ስልኩ ሲንክ ሲያደርግ ኖቱ በራሱም በድሮፕቦክስም መቀየሩን አየ። ጆፕሊን ሁለቱን ጽሑፎች በራሱ አያዋህድም። ከድሮፕቦክስ የመጣውን በዋናው ቦታ አስቀመጠ፤ የስልኩን ቅጂ ደግሞ `Conflicts` ወደሚባል ደብተር አዛወረው። ይህ ደብተር ግጭት ሲኖር ብቻ በደብተሮች ዝርዝር ውስጥ ይታያል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት አይታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። ዋናው ነጥብ ግን እዚህ ላይ ነው፦ `Conflicts` ውስጥ ያለው ሲንክ አይደረግም። ላፕቶፑ ላይ የለም፤ ድሮፕቦክስ ውስጥ ብትበረብሩም አታገኙትም። ያለው ግጭቱን ያየው መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። አንድሮይድ ስልክ ደግሞ አፕ ሲጠፋ የአፑን ዳታ አብሮ ያጠፋል። ይህች እህት «አፑ ተበላሽቷል» ብላ አጥፍታ ብትጭነው ቃለ መጠይቁ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ስልኩን መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የጎን ሜኑውን ከፍታችሁ የደብተሮቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ውረዱና `Conflicts` የሚለውን ክፈቱ። ቃለ መጠይቁ እዚያ ካለ ሙሉውን ጽሑፍ ኮፒ አድርጉ፤ በተለመደ ደብተር ውስጥ «ምዕራፍ 3 ከስልክ» የሚል አዲስ ኖት ከፍታችሁ ለጥፉት። ከዚያ ኔትወርኩን መልሱና ሲንክ አድርጉ። አዲሱን ኖት በላፕቶፑ ላይ በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ `Conflicts` ውስጥ ያለውን አትንኩ። ካያችሁት በኋላ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ ላይ ማዋሃድ የእጅ ሥራ ነው። የግጭቱ ቅጂ የሚሰረዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አፑ ከስልኩ ቀድሞ ጠፍቶ ከሆነስ? አንድ የሚሞከር ነገር አለ። ጆፕሊን በምንጽፍበት ጊዜ በየ10 ደቂቃው ገደማ የኖቱን የቀድሞ ይዘት ያስቀምጣል፤ ካልቀየርነው በስተቀር ለ90 ቀን ያቆየዋል። `Conflicts` ከሚባለው ደብተር በተለየ ይህ ታሪክ ሲንክ ይደረጋል። በላፕቶፕ ላይ «ምዕራፍ 3»ን ከፍታችሁ ወደ ኖቱ መረጃ ግቡ፤ `Previous versions of this note` የሚለውን ተጫኑና በቀን እየመረጣችሁ እዩ። ስልኩ አፑ ከመጥፋቱ በፊት ታሪኩን ልኮ ከነበረ የቃለ መጠይቁ ክፍል ሊገኝ ይችላል። ስትመልሱት አሁን ያለውን ኖት አይደመስስም፤ `Restored Notes` በሚባል ደብተር ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። እዚያም ከሌለ የነጋዴዎቹን በር እንደገና ከማንኳኳት ሌላ መንገድ የለም።

በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ነገሩ ይለያል። አፑን ብታጠፉትም ኖቶቹ ያሉበት ፎልደር በቦታው ይቀራል፤ መልሳችሁ ስትጭኑ ያገኘዋል። እዚህ የሚያስፈራው ፎርማት ነው። ላፕቶፕ ወደ ጥገና ቤት ስትወስዱ «ፋይሎቼን ኮፒ አድርጉልኝ» ብትሉ ባለሙያው የሚወስደው ብዙ ጊዜ ዴስክቶፑንና ዶክመንቱን ነው። ጆፕሊን ያለው ግን እዚህ ነው፦

```
%USERPROFILE%\.config\joplin-desktop
```

አፑን ሙሉ በሙሉ ዝጉትና ይህን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉ። ከፎርማት በኋላ አፑ አንድም ጊዜ ሳይከፈት እዚያው ቦታ መልሱት። በውስጡ `database.sqlite` የሚባል ፋይል አለ፤ የኖቶቹ ጽሑፍ በሙሉ እርሱ ውስጥ ነው፤ የግጭት ቅጂዎችም ጭምር። አፑ አልከፈትም ቢል እንኳ የፋይሉን ኮፒ (ዋናውን አይደለም) `DB Browser for SQLite` በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ የግጭት ቅጂዎቹን እንዲህ ታወጣላችሁ፦

```sql
SELECT title, body FROM notes
WHERE is_conflict = 1;
```

የኮምፒውተር ሳይንስ ወንድምና እህቶቻችን ይህን በአምስት ደቂቃ ይሠሩላችኋል፤ ከዙህር በኋላ ጠይቋቸው።

አንድ በር ግን ከነጭራሹ ይዘጋል። ኖቶቹ እንዲመሰጠሩ አድርጋችሁ ከነበረ፣ እንደገና ከጫናችሁ በኋላ አፑ `master password` ይጠይቃል። ይህ ከድሮፕቦክስ የይለፍ ቃል የተለየ ነው። ኖቶቹ ወርደው የማይነበቡ ሆነው ከታዩ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ቃሉ ሲገባ ይፈታሉ። ቃሉ ከተረሳ ድሮፕቦክስ ውስጥ ያለውን የአፑ ሠሪዎችም ሊከፍቱት አይችሉም። ያኔ ተስፋው ያረፈው ጆፕሊን ቀድሞ ተከፍቶ በሚሠራበት ሌላ መሣሪያ ላይ ነው። ኖቶቹ እዚያ በግልጽ ይነበባሉና፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ከ`File` ሜኑ `Export all` በሚለው `JEX` ፋይል አድርጋችሁ አውጧቸው።