የጉበት ስብና ትራይግሊሰራይድ፦ ስንት ኪሎ መቀነስ ይበቃል?

አልትራሳውንዱ ጉበት ላይ ስብ እንዳለ፣ የደም ምርመራው ደግሞ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ማለቱን ሲያሳይ ብዙ ሰው ሁለት የተለያየ በሽታ የያዘው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንጩ አንድ ነው። ጉበት ከሚያስፈልገው በላይ ስኳርና ዱቄት ሲደርሰው ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ ከሆድ ዙሪያ ጮማ የሚመጣውም ይጨመርበታል። ከፊሉን እዚያው ያከማቻል፣ ከፊሉን ትራይግሊሰራይድ አድርጎ ወደ ደም ይለቀዋል። ለዚህ ነው ክብደት መቀነስ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያወርደው።

መጀመሪያ ተመዝነው ግብዎን ያስሉ። 84 ኪሎ የሚመዝንና ትራይግሊሰራይዱ 260 የሆነ ሰው እንውሰድ (ከ150 በታች ሲሆን ነው ጤናማ የሚባለው)። ከክብደቱ 5 በመቶ ማለት 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነው፤ ወደ 80 ሲጠጋ የጉበቱ ስብ በግልጽ መቀነስ ይጀምራል። ጉበቱ ከስቡ አልፎ ከተቆጣ ግን ከ7 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ6 እስከ 8 ኪሎ ያስፈልገዋል። «80 ኪሎ ሆኜም ወፍራም ነኝ፣ ምን ለውጥ አመጣሁ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ የጉበት ስብ ከሌላው የሰውነት ስብ ቀድሞ የሚወጣ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች 8 ኪሎ ገደማ ሲቀንሱ የጉበታቸው ስብ ወደ 80 በመቶ ወርዷል፤ ሰዎቹ ቀጫጭን አልሆኑም ነበር።

ቀጥሎ ያለው ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነው፣ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡት። «ስብ» የሚለውን ሲሰሙ የመጀመሪያው እርምጃ ቅቤና ሥጋ መተው ይሆናል፤ የተተወው ቦታ ግን በፉርኖ ዳቦ፣ በፓስታ፣ በሩዝና በጭማቂ ይሞላል። ያኔ ጉበት ስብ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ጨመረለት እንጂ አልቀነሰም፣ ትራይግሊሰራይድም ከፍ ሊል ይችላል። «ጿሚ ነኝ፣ ቅባት አልነካም፣ ታዲያ ከየት መጣ?» ለሚለው ቅሬታ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጾሙ ጥፋት የለበትም፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ መልካም ምግብ ናቸው። ችግሩ ከጎናቸው የሚቆለለው እንጀራና ዳቦ፣ ከዚያም ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። የ84 ኪሎው ሰው በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር ቢጠጣና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢጨምር ከ300 ካሎሪ በላይ ሳያኝክ ወሰደ ማለት ነው። እነዚህን ብቻ ቢተው በሦስት ወር በስሌት ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ሰውነት ስለሚላመድ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ የጎደለውን ከእንጀራው ሩቡን ቀንሶ በወጥና በአትክልት በመተካትና በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ በመራመድ ይሙላው። እኔ የምመርጠው ከሚጠጣው መጀመርን ነው፤ ከብርጭቆ መቀነስ ከሳህን ላይ እንደ መቀነስ ረሃብ አያመጣም። «ጭማቂ ፍሬ አይደለም እንዴ?» ከተባለ፣ ፍሬውን ራሱን ይብሉ። ቢራ፣ ጠጅና አረቄም ትራይግሊሰራይድን ከፍ ስለሚያደርጉ ለእነዚህ ወራት ይተዉአቸው።

አይቸኩሉ፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል። ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ በየሳምንቱ መቀነስ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ፣ የጉበትን ቁጣም ሊያባብስ ይችላል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎ መጠኑን ያስተካክል፤ አለበለዚያ ስኳርዎ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ትራይግሊሰራይድዎ 500 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ይህን መንገድ ብቻዎን አይጀምሩ። ቆሽት በድንገት ሊቆጣ ስለሚችል መድኃኒት ያስፈልጋል፤ በዚያ ደረጃ ዘይትና ቅቤም አብረው መቀነስ አለባቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ደምዎን በድጋሚ ያስመርምሩ፣ ግን እንደ መጀመሪያው አድርገው፦ ለ12 ሰዓት ያህል ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ፣ በዋዜማውም አልኮል ሳይጠጡ። ሠርግ በልተው ባደሩበት ጠዋት የሚሰጥ ደም የሦስት ወሩን ድካም አያሳይም። በአልትራሳውንድ ለውጡን ለመለካትም አይሞክሩ፤ መጠነኛ ስብን አጥርቶ ስለማያሳይ ጉበቱ እየተሻለው «እንደ በፊቱ ነው» ሊል ይችላል። ክብደትዎ 5 በመቶ ወርዶ ትራይግሊሰራይዱ ካልተንቀሳቀሰ ግን ስንፍና ነው ብለው ራስዎን አይውቀሱ። የስኳር መጠንዎንና የእንቅርት ዕጢ ምርመራዎን እንዲያይልዎ፣ የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች ሁሉ እንዲፈትሽ ሐኪምዎን ይጠይቁ።